ካሜራ ቤት ውስጥ ሲንሸራሸር

ገና መሠረቱ ያልተጣለ ቤት በቪዲዮ ሊጎበኝ ይችላል። የቤቱ ፕላን በኮምፒውተር ወደ ስሪዲ ሞዴል ይቀየራል፤ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፣ ወለሉ ሴራሚክ ይለብሳል፣ ሳሎኑ ሶፋና ጠረጴዛ ያገኛል። ከዚያ የማይታይ ካሜራ በበሩ ይገባና ክፍሎቹን እያሳየ ያልፋል። አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ከመገንባቱ በፊት ሲሸጥ፣ በተለይ ገዢው ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ቤቱን ብዙ ጊዜ የሚያየው እንዲህ ባለ ቪዲዮ ነው።

ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሞዴሉ አይደለም። ሶፋውም መብራቱም በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ፣ ካሜራው ከኋላው እንደተገፋ ሰው ዘሎ ይነሳል፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ወርወር ብሎ ይዞራል፤ መጨረሻው ላይ ድንገት ቀጥ ይላል። ተመልካቹ ምን እንዳስከፋው ለይቶ ባይናገርም ዓይኑ ይደክመዋል። ይህን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ካሜራው የሚሄድበት መስመር፣ ፍጥነቱ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት መንገድ፣ እንዲሁም በምስሉ ውስጥ ጠርቶ የሚታየው የርቀት ክልል። ሦስቱም በሜትር፣ በሴኮንድና በዲግሪ የሚሰሉ ናቸው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ብዙዎች የሚዘሉት ግን እሱን ነው።

ነገሩን በአንድ ቤት መከተል ይቀላል። ከመግቢያው በር ጀምሮ ቀጥ ያለ ኮሪደር አለ። ኮሪደሩ ያለ በር ወደ ሳሎኑ ይከፈታል፤ ካሜራው እዚያ ላይ ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ታጥፎ ሳሎኑን በርዝመቱ ይሄድና በምግብ ጠረጴዛው ፊት ይቆማል። ጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ መስኮት አለ። ፕሮግራሙ ብሌንደር ነው፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ሊጠቀምበት ስለሚችል። በሌሎች የስሪዲ ፕሮግራሞች የቁልፎቹ ስም ቢለያይም ስሌቱ ያው ነው።

ከመስመሩ በፊት አንድ ነገር መረጋገጥ አለበት፦ ሞዴሉ በእውነተኛ ልኩ መሆኑ። በር ሲለካ ወደ 2.1 ሜትር ቁመት ሊኖረው ይገባል። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ሞዴል ብዙ ጊዜ ሴንቲሜትሩ እንደ ሜትር ተቆጥሮ ይገባል፤ 5 ሜትር የነበረው ሳሎን 500 ሜትር ይሆናል። በስክሪኑ ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም፤ ግዙፍ ቤት ከርቀት ሲታይ ትንሽ ቤት ከቅርብ ሲታይ ያለውን መልክ ይመስላልና። ስህተቱ የሚጋለጠው በኋላ ነው፤ ሌንሱ ምንም ቢደረግ ጀርባውን አላደበዝዝ ሲል። መድኃኒቱ ሞዴሉን በ0.01 አባዝቶ ልኩን በ`Ctrl+A` ማጽናት ነው።

መስመሩ ቤዚየር በሚባለው ኩርባ ይሠራል። በዚህ ኩርባ ላይ ጀማሪ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ነጥብ ማብዛት ነው። በየግማሽ ሜትሩ ነጥብ የተተከለበት መስመር ከላይ ሲታይ ለስላሳ ይመስላል፤ ካሜራው ሲሄድበት ግን እያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት ያወላግደዋል። ለዚህ ቤት አራት ነጥብ ይበቃል፦ አንዱ በመግቢያው፣ አንዱ መታጠፊያው የሚጀምርበት፣ አንዱ መታጠፊያው የሚያልቅበት፣ የመጨረሻው ደግሞ ከአበባ ማስቀመጫው በላይ። ሁሉም ከወለሉ 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። ከፍታው ከቆመ ሰው ዓይን ዝቅ፣ ከተቀመጠ ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ ወለሉና ኮርኒሱ በምስሉ ውስጥ ተመጣጥነው ይታያሉ። መስመሩ ወደ ላይና ወደ ታች ካልተንቀሳቀሰ ካሜራው አያዘነብልም፤ የግድግዳው ቋሚ መስመሮችም ቀጥ ብለው ይቆያሉ።

መታጠፊያው 1.5 ሜትር ራዲየስ ያለው የሩብ ክብ ቅስት ይሁን። ቤዚየር ኩርባ ሩብ ክብን በደንብ የሚመስለው፣ ከሁለቱ ነጥቦች ወደ ቅስቱ የሚወጡት እጀታዎች ርዝመት የራዲየሱ 0.55 ያህል ሲሆን ነው፤ እዚህ ላይ ወደ 83 ሴንቲሜትር ይሆናል። እንግዲህ የመስመሩ ልክ፣ ኮሪደሩ ውስጥ 4 ሜትር፣ ቅስቱ 2.4 ሜትር፣ ሳሎኑ ውስጥ 7.6 ሜትር፣ በድምሩ 14 ሜትር ነው። ካሜራው ግን 12ኛው ሜትር ላይ ይቆማል። የቀሩት 2 ሜትሮች ለምን እንደተጨመሩ ወዲያው ይታያል። ብሌንደር ኩርባውን በውስጡ በአጫጭር ቀጥ ያሉ ስብርባሪዎች ስለሚተካው፣ `Resolution Preview U` የሚለው ቁጥር ከተለመደው 12 ወደ 64 ቢያድግ መታጠፊያው ላይ የሚሰማው ጥቃቅን መንገጫገጭ ይጠፋል።

ካሜራው ከመስመሩ ጋር የሚታሰረው `Follow Path` በሚባለው ማሰሪያ ነው። በማሰሪያው ውስጥ `Fixed Position` ሲመረጥ `Offset Factor` የሚል ቁጥር ይወጣል፤ 0 የመስመሩ መጀመሪያ፣ 1 መጨረሻው ነው። ካሜራው ከመስመሩ ርቆ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከታየ የራሱ አቀማመጥ አልጠፋም ማለት ነውና `Alt+G` ወደ መስመሩ ይመልሰዋል።

አሁን ካሜራው የት ይሂድ የሚለው ተፈቷል፤ የት ይይ የሚለው ግን ገና ነው። ፕሮግራሙ `Follow Curve` የሚል ቀላል ምርጫ አለው፤ ካሜራው መስመሩ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ያያል። ውጤቱ ሐዲድ ላይ የተተከለ ይመስላል፤ ኮሪደሩ ውስጥ ፍጹም ቀጥ ብሎ ቆይቶ ቅስቱ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ መዞር ይጀምራል፣ ቅስቱ ሲያልቅም በአንድ ጊዜ ያቆማል። በእግሩ የሚሄድ ሰው እንዲህ አያደርግም። መታጠፊያው ጋ ከመድረሱ በፊት ዓይኑ ወደሚሄድበት ይቀድመዋል።

ይህን ለመምሰል `Empty` የሚባል፣ ሬንደር ሲደረግ የማይታይ ምልክት በዚያው መስመር ላይ ይታሰራል፤ ከካሜራው ሁልጊዜ 2 ሜትር ቀድሞ ይሄዳል። ካሜራው ደግሞ ከ`Follow Path` በታች `Track To` የሚል ሁለተኛ ማሰሪያ ይጨመርለትና ምልክቱን እንዲያይ ይደረጋል፤ የማያ አቅጣጫው `-Z`፣ የላይኛው `Y` ሆኖ። የ2 ሜትሩ ትርፍ ለዚህ ነበር፤ ካሜራው 12ኛው ሜትር ላይ ሲቆም ምልክቱ 14ኛው ላይ፣ ከአበባው በላይ ይደርሳል። ምልክቱን በቦታው አቁሞ ካሜራው እንዲጠጋው ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ካሜራው ወደ ቆመ ምልክት በጣም ቀርቦ በጎኑ ካለፈ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ፍሬሞች ውስጥ ግማሽ ዙር ሊዞር ይችላል።

ቀጥሎ ፍጥነት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ እርምጃ ፍጥነት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ግን መዞር ነው። ፊልም ቀራጮች ለረጅም ጊዜ የያዙት አንድ ልማድ አለ፤ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ፣ አንድ ነገር ከምስሉ አንድ ጠርዝ ተነስቶ ሌላው ጠርዝ እስኪደርስ ወደ 7 ሴኮንድ ሊወስድበት ይገባል። ከዚያ ከፈጠነ ቋሚ መስመሮች፣ ለምሳሌ የበርና የመስኮት ጠርዞች፣ በዝላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ለቤት ውስጥ በተለመደው 24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ 36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሴንሰር ላይ፣ ካሜራው ከጎን ወደ ጎን 74 ዲግሪ ያህል ያያል። 74 ለ7 ሲካፈል በሴኮንድ ከ10 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። የአንድ ጥግ 90 ዲግሪ መዞር እንግዲህ ወደ 9 ሴኮንድ ይፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩን ሳያሰላ የሚሠራ ሰው ለዚያ ሁለት ሴኮንድ ቢሰጥ አያስገርምም።

የዚህን ቤት ጥግ በዚህ ሚዛን መመዘን ይቻላል። ካሜራው በሴኮንድ 67 ሴንቲሜትር ይሄዳል እንበል፤ ቤት እያየ ዝግ ብሎ ከሚራመድ ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። በ`Follow Curve` ቢሆን ኖሮ የ2.4 ሜትሩን ቅስት በ3 ሴኮንድ ተኩል ይጨርሰው ነበር፤ በሴኮንድ 26 ዲግሪ ገደማ፣ ከሚፈቀደው ከእጥፍ በላይ ነው። 2 ሜትር ቀድሞ የሚሄደው ምልክት ግን መዞሩን ያረዝመዋል፤ ምልክቱ ቅስቱ ውስጥ ሲገባ ይጀምራል፣ ካሜራው ከቅስቱ ሲወጣ ያበቃል። መዞሩ በ4.4 ሜትር ላይ ይሰራጫል፣ በሴኮንድም ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል። አሁንም በዛ። በዚህ ክፍል ብቻ ፍጥነቱ ወደ 45 ሴንቲሜትር ሲቀንስ ግን መዞሩ 10 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፣ አማካዩም በሴኮንድ 9 ዲግሪ ይሆናል። ጥግ ላይ ቀስ ማለት ጌጥ ሳይሆን የሒሳቡ ውጤት ነው።

እንግዲህ ጊዜው ይከፋፈላል። በሴኮንድ 25 ፍሬም ተይዞ፣ ከዕረፍት ተነስቶ የመጀመሪያዎቹን 2 ሜትሮች በ4 ሴኮንድ፣ መዞሪያውን በ10 ሴኮንድ፣ ቀሪውን 5.6 ሜትር ደግሞ ፍጥነቱን መልሶ አንስቶ መጨረሻው ላይ እየቀነሰ በ10 ሴኮንድ ይጨርሳል። ድምሩ 24 ሴኮንድ፣ 600 ፍሬም ነው። ሜትሮቹ ለ14 ሲካፈሉ የካሜራው `Offset Factor` በፍሬም 1 ላይ 0፣ በ101 ላይ 0.143፣ በ351 ላይ 0.457፣ በ601 ላይ 0.857 ይሆናል። ምልክቱ በየቦታው 0.143 ይጨመርለታል፤ 0.143፣ 0.286፣ 0.6፣ በመጨረሻም 1።

አራት ቁጥር፣ አራት ኪይፍሬም። በመካከላቸው ያለውን ፕሮግራሙ ይሞላዋል፤ ኢዚንግ የሚባለውም ይህ አሞላል ነው። ግራፍ ኤዲተር ውስጥ የካሜራው ጉዞ እንደ ሽቅብ መስመር ይታያል፤ ወደ ጎን ጊዜ፣ ወደ ላይ ቦታ። ሲነበብ መታወስ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመስመሩ ሽቅብነት ፍጥነት ነው። ጫፎቹ ላይ ከተጋደመ ካሜራው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። መካከል ላይ ትንሽ ከተጋደመ ዝግ ይላል። ሙሉ በሙሉ ከተጋደመ ግን ይቆማል።

አሞላሉ `Linear` ሲሆን መስመሩ በቀጥታ ይሰበራል፤ ካሜራው ከዜሮ ወደ ሙሉ ፍጥነት በአንድ ፍሬም ይገባል፣ ተመልካቹም ግፊት ያያል። ብዙ ጊዜ የማይታወቀው ተቃራኒው ስህተት ነው። ለስላሳ እንዲሆን ብሎ `Sinusoidal` ወይም `Cubic` መርጦ ኢዚንጉን በሁለቱም ጫፍ ያደረገ ሰው፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እንዲያለሰልስ አዟል። ካሜራው በየኪይፍሬሙ ይነሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ግራፉ ላይ ደረጃ የሚመስል ነገር ከታየ ምክንያቱ ይህ ነው። ከሁለት ለሚበልጡ ኪይፍሬሞች የሚሻለው ፕሮግራሙ ከመነሻው የሚሰጠው `Bezier` ነው፤ እጀታዎቹ `Auto Clamped` ሲሆኑ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ ይጋደማሉ፣ የመካከለኞቹ ግን ሳይቆሙ ያልፋሉ።

ሁለት ኪይፍሬም ብቻ መጠቀምም ዋጋ አለው። ሁለቱን ጫፍ ብቻ በ`Bezier` ያገናኘ ሰው ለስላሳ መነሻና መድረሻ ያገኛል፤ ነገር ግን ጫፎቹ ላይ የጠፋው ጊዜ መካከል ላይ መካካስ ስላለበት ከፍተኛው ፍጥነት ከአማካዩ 1.6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ቤት መካከሉ የሚያርፈው ከጥጉ አጠገብ ነው፤ ካሜራው ቀስ ማለት ባለበት ቦታ በጣም ይፈጥናል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ የፎከስ ጥልቀት፣ ከሁሉ ይልቅ በስሜት የሚሠራበት ነው። እውነተኛ ሌንስ በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ፍጹም ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ጥራቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ለዓይን ጥርት ብሎ የሚታየው ክልል ስፋት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በሌንሱ የትኩረት ርዝመት፣ ቀዳዳው በተከፈተበት መጠን፣ ፎከሱ ባረፈበት ርቀት። ቀዳዳው የሚለካው `F-Stop` በሚለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት ያለው ክልል ይጠባል። በእውነተኛ ካሜራ ይህን ቁጥር መቀየር ብርሃኑንም ይቀይራል፤ በብሌንደር ግን የሚቀየረው ድብዛዜው ብቻ ነው።

24 ሚሊሜትር ሌንስ በ2.8 ላይ ሆኖ ፎከሱ 7 ሜትር ገደማ ላይ ቢያርፍ፣ ከ3 ሜትር ተኩል ጀምሮ እስከ ማለቂያው ሁሉም ነገር ጥርት ይላል። ፎከሱ 2 ሜትር ላይ ሲሆን ግን ጥርት ያለው ከ1.6 እስከ 2.8 ሜትር ያለው ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለዚህ ቪዲዮ ቀላል መፍትሔ ይሰጣል። ሌላ `Empty` በአበባ ማስቀመጫው ላይ ይቀመጥና በካሜራው `Depth of Field` ክፍል ውስጥ `Focus on Object` በሚለው ቦታ ይመረጣል። ለፎከሱ ምንም ኪይፍሬም አያስፈልግም። ካሜራው ሳሎኑ ውስጥ ሲገባ አበባው ሩቅ ስለሆነ አብዛኛው ክፍል ጥርት ብሎ ይታያል፤ ተመልካቹም ቤቱን ያያል። ወደ ጠረጴዛው ሲቃረብ ጥርት ያለው ክልል በራሱ ይጠብና መስኮቱ ወደ ኋላ ይለሰልሳል። `Focus Distance` የሚለውን ቁጥር በእጅ በኪይፍሬም ለመምራት የሚሞክር ሰው ግን ይቸገራል። በመስመሩ መነሻና መድረሻ ላይ ልክ የነበረው ቁጥር በመካከል ከእውነተኛው ርቀት ጋር አይገጥምም፤ አበባው ጥርት፣ ድብዝ፣ ጥርት ይላል።

መስኮቱ ምን ያህል ይለሰልሳል? ካሜራው ከአበባው 2 ሜትር፣ ከመስኮቱ 6 ሜትር ርቆ ሲቆም፣ 1920 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ላይ የመስኮቱ አንድ ነጥብ 4 ፒክስል ያህል ወርድ ወዳለው ክብ ይሰፋል። ትንሽ ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከዚያው ቦታ 16 ፒክስል ገደማ በሆነ ነበር። ሰፊ ሌንስ በተፈጥሮው ብዙ አያደበዝዝም፤ ይህን የማያውቅ ሠሪ መጽሔት ላይ ያየውን የቀለጠ ጀርባ ሲያጣ ቁጥሩን ወደ 0.5፣ ወደ 0.1 ያወርደዋል። ያን ጊዜ ሳሎኑ የአሻንጉሊት ቤት ይመስላል። ጥርት ያለው ክልል በጣም ጠቦ የሚታየው በእውነቱ ትንንሽ ነገሮች ከቅርብ ሲነሱ ነውና ዓይን ያንን ለምዷል። በ1.4 ድብዛዜው በእጥፍ ያድጋል፤ ለእንዲህ ያለ ቤት ከዚያ በታች መውረድ አያስፈልግም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ለመጨረሻው ትዕይንት ሌላ ካሜራ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

አንዳንድ ጊዜ ፎከሱ ራሱ መንቀሳቀስ አለበት፤ ለምሳሌ ካሜራው ቆሞ ሳለ ጥራቱ ከፊት ካለ ተክል ወደ ሩቁ ጠረጴዛ እንዲሄድ። የፎከሱ ምልክት ከ1 ሜትር ወደ 5 ሜትር በእኩል ፍጥነት ቢሄድ ለውጡ ለዓይን እኩል አይሆንም። ድብዛዜ የሚከተለው ርቀቱን ሳይሆን 1 ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘውን ስለሆነ፣ ከ1 ወደ 2 ሜትር ያለው ለውጥ ከ2 ወደ 5 ካለው ይበልጣል። ተክሉ በቅጽበት ይደበዝዛል፣ ጠረጴዛው ግን ዘግይቶ ይጠራል። ስለዚህ ምልክቱ ሲነሳ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ እንዲሄድ ግራፉ ላይ የመነሻው እጀታ ይረዝማል።

ሬንደር ከመደረጉ በፊት ጉዞው በዝቅተኛ ጥራት መታየት አለበት፤ በ`View` ሥር ያለው `Viewport Render Animation` ይህን በጥቂት ደቂቃ ይሠራል። በሥራ መስኮቱ ውስጥ ማጫወት ብቻውን አያስተማምንም፤ ሞዴሉ ሲከብድ ፕሮግራሙ ይዘገያል ወይም ፍሬም ይዘላል፣ ፍጥነቱም የተሳሳተ ሆኖ ይታያል። የእንቅስቃሴ ድብዛዜን የሚመለከተው `Shutter` የሚለው ቁጥር 0.5 ላይ ቢቆይ ከፊልም ካሜራ ልማድ ጋር ይገጥማል፤ መታጠፊያው ላይ የበሩ ጠርዝ እንዳይዘልም ያግዛል።

የፎከስ ጥልቀት በሳይክልስ ሬንደር ሲደረግ በደበዘዙት ቦታዎች ላይ ፍንጥርጣሪ ያበዛል፤ ከፍሬም ወደ ፍሬም ሲቀያየር እንደ መርገብገብ ይታያል። ይህን ለመፈተሽ ከመጨረሻው አካባቢ ተከታታይ አሥር ፍሬሞችን ብቻ ሬንደር አድርጎ እያዞሩ ማየት በቂ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሚርገበገብ ነገር ካለ የሳምፕሉ ቁጥር ከፍ ይላል። አንድ ፍሬም 2 ደቂቃ ከወሰደ 600ው 20 ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ ውጤቱ በቀጥታ ቪዲዮ ሆኖ ሳይሆን በተናጠል የፒኤንጂ ምስሎች ሆኖ መቀመጥ አለበት። መብራት ቢጠፋ ሥራው ከቆመበት ፍሬም ይቀጥላል፤ ምስሎቹም በመጨረሻ በሚከተለው ትእዛዝ ወደ አንድ ቪዲዮ ይገጣጠማሉ።

```
ffmpeg -framerate 25 -i %04d.png -c:v libx264 -pix_fmt yuv420p -crf 18 salon.mp4
```